የስድስተኛዋ ጳጉሜ ወተት

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። አንዲት ሴት ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው አንድ ጣሳ ወተት ለጎረቤቶቿ ስትሰጥ ኖረች። የመቀበል ተራዋ ሲደርስ የተሰጣት ጳጉሜ ነው። አምስት ቀን። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ሆና ስትመጣ ደግሞ ስድስተኛውን ቀን ወሰዱባት። «አንድ ቀን ምን አላት፣ ምን ታካብጃለሽ?» ያሉኝ ሰዎች ዛሬም ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አብረውኝ ይኖራሉ፤ ገበያ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላም እንባባላለን። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ለዚህ ይበቃል።

ነገሩ የዊጆ ነው። ዊጆ የወተት እቁብ ማለት ነው። አንድ ላም ያላት ሴት በራሷ ወተት ብቻ ቅቤ ላውጣ ብትል ብዙ ቀን ትጠብቃለች፤ እስከዚያም ልጆቹ ይጠጡታል። ስለዚህ ላም ያላቸው ጎረቤቶች ይሰባሰቡና በየማለዳው አንድ አንድ ጣሳ ለባለተራዋ ያደርሳሉ። ባለተራዋ ታጠራቅማለች፣ ታረጋለች፣ ትንጣለች፣ ቅቤዋን ታወጣለች። ተራዋ ሲያልፍ እሷም በፈንታዋ ሰጪ ትሆናለች። እናቶቻችን በገጠር የኖሩበት ነው። እኛም ከተማ ገብተን፣ ግቢያችን ጠቦ፣ ላሞቻችን በገመድ ታስረው ቢውሉም አልተውነውም።

የእኛ ሰፈር ዊጆ አስራ ሁለት ቤት ነበር። ለአስራ ሁለት ቤት አስራ ሁለት ወር፤ በዕጣ ለእያንዳንዳችን ወር ይደርሰናል። የእኛ ወር ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ አንዱ ረዥም አንዱ አጭር አይደለም። ሁሉም ሠላሳ ቀን ነው። ከዚህ የበለጠ ለሴቶች ዕቁብ የተመቸ አቆጣጠር የለም። ጳጉሜ ስትገባ ዊጆው ያርፍ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉም የላሙን ወተት እቤቱ ያስቀራል። ማንም ከማንም አልተበላለጠም።

ሁለት ሺህ አስራ አምስት ዓመተ ምሕረት በገባ በሁለተኛው ወር፣ በጥቅምት፣ ከእኔ አጥር ጀርባ አዲስ ሙሽራ ገባች። ከከምባታ፣ ከአንጋጫ በኩል የመጣች ልጅ ናት። አባቷ የወለደች ላም ከነጥጃዋ ሰጥቷታል። እሷ ሀዲይኛ አትችልም፣ እኔ ከምባትኛ አልችልም፤ በአማርኛ ነበር የምንግባባው፣ ሁለታችንም እየተሰባበርን። ዊጆ መግባት እንደምትፈልግ ስትነግረኝ ራሴ ይዤያት ወደ ስብሰባው ሄድኩ።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣች የቢሮ ሠራተኛ ናት። ሰው አክባሪ፣ በጸሎት ትጉ፣ ግን የያዘችውን የማትለቅ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ» አለቻት። «ችግሩ ዕጣው ወጥቷል። ወሮቹ አልቀዋል።»

«አስራ ሦስት ወር አይደለም እንዴ ያለን?» አለች አንዷ፣ ለቀልድ።

«እንግዲያው ጳጉሜን ትውሰዳ!» አለች ሌላዋ።

ሁሉም ሳቁ። ሙሽራዋም ሳቀች፤ ሲስቁ አይታ ነው እንጂ ገና አልገባትም። ሰብሳቢዋ ግን ሳቁ ሲያልቅ «እንዲያውም መልካም ሐሳብ ነው» አለች።

እኔ ተነሳሁ። «በየማለዳው እንደማናችንም አንድ ጣሳ ታመጣለች። እኛ ሠላሳ ቀን እንቀበላታለን፣ እሷ አምስት ቀን ትቀበለናለች። ይሄ የቱ አገር ሚዛን ነው?»

«እህቴ፣ ታገሺ። የሚወጣ ሰው ሲገኝ ወር ይደርሳታል።»

«ከዚህ ዊጆ ማን ወጥቶ ያውቃል? ከመካከላችን አንዷ እስክትሞት ትጠብቅ?»

«አንቺ ደግሞ! ጳጉሜም እኮ ወር ናት።»

«ቢሮ ስትሠሪ የጳጉሜ ደመወዝ ተከፍሎሽ ያውቃል?»

የዕጣውን ደብተር ማገላበጥ ጀመረች።

«ያኔ ወር አልነበረችም። ለሙሽራዋ ስትሆን ነው ወር የሆነችው?»

አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እጅ ይውጣ ተባለ፤ እጅ ወጣ፤ ተሸነፍኩ። ከእኔ ጋር እጇን ያወጣችው ባለሱቋ ብቻ ናት። እሷ ቤተሰቦቿ ከጉራጌ የመጡ፣ ኦርቶዶክስ፣ ከሱቋ ጀርባ ላም የምታረባ ጎረቤቴ ናት። ሙሽራዋ በዚያው ገባች። ውሉ ምን ማለት እንደሆነ በመንገድ ላይ ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ግድ የለም እማማ፣ ለመሳላ ከደረሰልኝ ይበቃኛል» አለችኝ።

መሳላ በእነሱ ዘንድ በመስቀል ሰሞን የሚውለው ትልቁ በዓላቸው ነው። ካገባች በኋላ የመጀመሪያው መሳላ ስለሆነ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። እናቷ ስትድራት አንድ የቅቤ ቅል ባዶውን ሰጥታታለች። ሞልታ ልትመልሰው ነው። ከአማቷ ቤት ቅቤ ይዛ የሄደች ልጅ አገባች ይባላል፤ ባዶ ቅል ይዛ የሄደች ግን ምን እንደሚባልላት ሴት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። ቅሉ ከቤቷ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ የሚያየኝም ይመስለኝ ነበር።

የእኔ ወር ጥር ነበር። ልጅቱ ጥርን ሙሉ፣ ጣሳዋን በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ፀሐይ ሳይወጣ በሬን ታንኳኳ ነበር። አንድም ቀን አልጎደለችም። የእሷ ሠላሳ ጣሳ በእኔ መናጫ ገብቶ የእኔ ቅቤ ሆነ። እኔ በምላሹ የማደርስላት አምስት ጣሳ ብቻ እንደሆነ እያወቅሁ በላሁት። ቅቤው አልጣፈጠኝም አልልም፤ ጣፍጧል። ንዴቴ ግን በየማለዳው እየጨመረ ሄደ።

ነሐሴ ላይ ልጅቱ «እማማ፣ ጳጉሜ ዘንድሮ ስንት ናት? አምስት ናት ስድስት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኛ ፕሮቴስታንቶች ነን፤ በቤተ ክርስቲያናችን ይህ አይነገርም። እኔም አላስታወስኩም። ወደ ባለሱቋ ሄድኩ።

ባለሱቋ ሳሙና እየቆረጠች ነበር። «ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ አይደል? ስድስት ናት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ሉቃስ ከጳጉሜ ጋር ምን አገናኘው?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ዓመቶቹ በአራቱ ወንጌላውያን ይጠራሉ። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፤ ከዚያ እንደገና ማቴዎስ። በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። በሦስቱ አምስት።»

«ለምን?»

«ዓመት ከአስራ ሁለት ሠላሳ ይበልጣላ። አስራ ሁለት ሠላሳ ሦስት መቶ ስድሳ ነው። ፀሐይ ዞራ ቦታዋ እስክትመለስ ግን ከዚያ በላይ አምስት ቀን ያስፈልጋል። ፈረንጆቹ ያንን ትርፍ በየወሩ አከፋፈሉት፤ ለዚህ ነው ሠላሳ አንድ የሚሉት። እኛ ወሮቹን አልነካናቸውም። ትርፉን መጨረሻ ላይ ለብቻ አስቀመጥነው። ጳጉሜ እሱ ነው።»

«ስድስተኛውስ ቀን ከየት መጣ?»

«አምስቱም ልክ አይደለማ! ከአምስቱ ላይ የሩብ ቀን ያህል ይተርፋል። ስድስት ሰዓት። ሩብ ቀን ብቻዋን ቀን አትሆንም፤ ምን ታደርጊያታለሽ? ታቆያታለሽ።» ጣቶቿን ዘረጋች። «የዮሐንስ ዓመት ሩቡን ያስቀምጣል። ማቴዎስ ሩቡን ይጨምራል። ማርቆስ ይጨምራል። ሉቃስ የራሱን ሩብ ጨምሮ አራቱን አንድ ላይ ይወስዳል። ሙሉ ቀን ሆነ።»

«ዊጆ ነዋ!» አልኳት።

ሳቋ ሱቁን ሞላው። «በመድኃኔ ዓለም፣ ዊጆ ነው! ተራው የሉቃስ ነው።»

«ባይቆጥሩትስ?»

«አዲስ ዓመት በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ወደ ክረምቱ እያፈገፈገ ይገባል። ሲቆይ፣ በልጅ ልጆችሽ ልጅ ልጆች ጊዜ፣ መስከረም በዶፍ ዝናብ ይጠባል።»

ስመለስ ልጅቱ ቤት ገብቼ «ስድስት ናት» አልኳት። ቅሉን ቀና ብላ አየችው። «አምስቱ አንገቱ ድረስ የሚያደርሰው አይመስለኝም ነበር» አለች። «ስድስት ከሆነች ይሞላል።»

ነሐሴ ሲያልቅ ለአዲሱ ዓመት ዕጣ ወጣ። አስራ ሁለት ዕጣ። ለሙሽራዋ ያው ጳጉሜ ትቀጥላለች ተባለ። እኔ ተናገርኩ፤ ባለሱቋ ተናገረች፤ እጅ ወጣ፤ እንደገና ተሸነፍን። መስከረም ለሰብሳቢዋ ደረሳት።

ጳጉሜ ገባች። በየማለዳው ከአስራ ሁለት ቤት ጣሳ ወደ ሙሽራዋ ይጎርፍ ጀመር። ያን ሰሞን የልጅቱ ፊት ይበራ ነበር። እንስራውን ታጥባለች፣ ታጥናለች፣ ወተቱን ትከድናለች። የመጣውን ሁሉ በሁለት እጇ ትቀበላለች።

ጳጉሜ አምስት እሑድ ዋለ። ከአምልኮ ሲወጡ ሰብሳቢዋ ለአባላቱ «ከነገ ጀምሮ ወደ እኔ ነው፣ እህቶች» ብላ ነበር። እኔ ያን ቀን ጉልበቴ አሞኝ ቀርቻለሁ። ባለሱቋም የምትሄደው ወደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሰሙት አንዳንዶቹ እንቁጣጣሽ ማክሰኞ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ግን ማንም አልተናገረም። ልማድ ነው። ሰብሳቢ ካለች አለች።

ሰኞ ማለዳ ጣሳዬን ይዤ ሙሽራዋ ዘንድ ስደርስ እንስራውን ከፍታ ቁጭ ብላለች። ከእንስራው አጠገብ የባለሱቋ ጣሳና የራሷ ጣሳ ብቻ አለ።

«ሌሎቹስ?»

«ወደ ሰብሳቢዋ ሲሄዱ አየኋቸው። አዲስ ዓመት ነው አሉኝ።»

«ዛሬ ጳጉሜ ስድስት ነው!»

«እኔም ብያቸዋለሁ፣ እማማ። ‹ለሰብሳቢዋ ንገሪያት› አሉኝ።»

ጣሳዬን አስቀምጬላት ወደ ሰብሳቢዋ ግቢ ሄድኩ። ጉልበቴ ያን ጊዜ አላመመኝም። ሰብሳቢዋ የመጨረሻውን ጣሳ በእንስራ ላይ እየገለበጠች ነበር።

«እንኳን አደረሰሽ!» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለአዲስ ዓመት ነዋ።»

«አዲስ ዓመት ነገ ነው።»

ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። «ሴፕቴምበር አስራ አንድ። ይኸው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ‹ተራ ይቀየራል› ብሎ ያስታውሰኛል። ሰብሳቢ ከሆንኩ ጀምሮ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳተም።»

«ሦስት ዓመት አልተሳሳተም፣ ምክንያቱም ሉቃስ አልነበረም። በሉቃስ መጨረሻ እንቁጣጣሽ ወደ አስራ ሁለት ትሄዳለች። ስልክሽ ሉቃስን አያውቀውም።»

ከቤቷ ውስጥ ሬዲዮው የነገውን በዓል ዋዜማ እያወራ ነበር። ሁለታችንም ሰማነው። ፊቷ ተለዋወጠ። እዚያ ላይ «ተሳስቻለሁ» ብትል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። እሷ ግን የእንስራውን ክዳን ገጠመች።

«በቃ፣ ተቀላቅሏል። ወተት አንዴ ከተቀላቀለ አይለይም። ደግሞም ያልናት አምስት ቀን ነው፤ አምስት ቀን አግኝታለች። ስድስተኛው ትርፍ ነው።»

«ትርፍ? ያልናት ጳጉሜን ነው! ጳጉሜ ዛሬም አላለቀችም። ቀኑም ትርፍ አይደለም፣ የተጠራቀመ ነው። አራት ዓመት ሩብ ሩቡን አዋጥተው ለሉቃስ የሰጡት ቀን ነው። የሰው ተራ ወስደሽ ትርፍ ነው ትያለሽ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ወተቱ ካልተለየ ቀኑ ይለያል። ከመስከረምሽ አንድ ቀን ስጫት።»

«መስከረም ሠላሳ ቀን ነው፤ ለሁሉም ሠላሳ። ከእኔ ላይ ለምን ይቀነሳል?»

«እሷ ላይ ለምን ተቀነሰ?»

የዚህን መልስ ሳላገኝ ጣሳዬን በበሯ እንደማላሳልፍ ነግሬያት ወጣሁ።

በመስከረም አንድ ማለዳ ወተቴን ለሙሽራዋ ወሰድኩ። በሁለትም፣ በሦስትም እንዲሁ። ያላዋጣ ከዊጆ ይወጣል የሚል ደንብ አለን። መልእክት ደረሰኝ፤ «ትወጫለሽ» ተባልኩ። «አስወጡኝ» አልኩ። «ወር ይተርፋችኋል። ለሙሽራዋ ስጧት፣ ያኔ ነገሩ ያልቃል።» ይህን ሲሰሙ የማስወጣቱ ወሬ ቀዘቀዘ።

የከበደኝ ልጅቱ ናት። የእኔን ጣሳ ትቀበልና የራሷን ይዛ ወደ ሰብሳቢዋ ትሄዳለች!

«አንቺ ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«እማማ፣ እኔ እንግዳ ነኝ። በእኔ ምክንያት ከጎረቤቶችሽ አትጣይ። አንድ ቀን ይቅርብኝ።»

«ዝም በይ! አንድ ቀን ይቅርብኝ ያለች ሴት ነገ ወር ይቅርብኝ ትላለች። ከዚያ ላሟን ይቅርብኝ ትላለች። ያንቺ ላም በጳጉሜ አትታለብም? ሣር አትበላም? አምስት ወይስ ስድስት እንደሆነ ጠይቃሽ ነው ወተት የምትሰጠው?»

ሳቀች፤ እያለቀሰች ነበር። የአምስቱን ቀን ወተት ንጣ ጨርሳለች። ቅሉ ከምሰሶው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። አየሁት። እንደፈራችው አንገቱ ድረስ አልደረሰም። ጎድሏል። የጎደለው የአንድ ቀን ያህል ነው፤ ሌላ ሰው ላያየው ይችላል፤ እናት ግን ክዳኑን ስታነሳ መጀመሪያ የምታየው ጉድለቱን ነው።

በአራተኛው ቀን ባለሱቋ ጣሳዋን ወደ ሙሽራዋ አዞረች። በማግስቱ፣ ያኔ በጥቅምት እጇን በእኔ ላይ ያወጣች አንዲት ጎረቤት መጣች፤ ጣሳዋን አስቀምጣ፣ እኔን ሳታይ፣ «እኔም ሴት ልጅ ድሬያለሁ» ብላ ሄደች። ከዚያ ሌላም፣ ሌላም። የሰብሳቢዋ ተራ ሳስቶ እንስራዋ በግማሹ ይውል ጀመር።

አንድ ከሰዓት ሰብሳቢዋ በሬ ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም።

«ነገ የሁሉም ጣሳ ወደ ሙሽራዋ ይሄዳል። የስድስተኛዋ ቀን ምትክ ነው። ከነገ ወዲያ ወደ እኔ ይመለስ።»

«ቀኑ የእሷ ነበር ትያለሽ?»

«ነገ ይሄዳል ነው ያልኩሽ።»

«ዓመቱስ? አንድ ዓመት ሰጥታ ስድስት ቀን መቀበሏስ?»

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። እኔም ጣሳዬን እንዳለችው በሦስተኛው ቀን መለስኩላት፤ ቃል ቃል ነው። ጥያቄውን ግን አልተውኩም። በገበያ አገኘኋት፤ ጠየቅኋት። ለቅሶ ቤት አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ በሹክሹክታ ጠየቅኋት። ሰላም ስትለኝ «ደህና ነኝ፤ ዓመቱስ?» እላት ነበር። በመጨረሻ ስታየኝ መንገድ ትሻገር ጀመር።

ሙሽራዋ ለመሳላ ሄደች። እኔ ነኝ እስከ መናኸሪያ የሸኘኋት። እስከ አንገቱ የሞላውን ቅል በነጠላ አስራ እንደ ሕፃን አቅፋው ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጠች። ረዳቱ «እናት፣ ዕቃው ከላይ ይጫን» ቢላት «ከላይ ትጫናለህ አንተ!» አለችው፤ በአማርኛ፣ ሳትሰባበር። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ከእኔ የተማረችው ነገር አለ።

ስትመለስ ዊጆው ተሰበሰበ፤ ሰብሳቢዋ ናት የጠራችው። በዓሉ አልፏል፤ የሁሉም ቤት ጠግቧል፤ እኔ ግን ገና ሳልቀመጥ «ዓመቱስ?» አልኩ።

«ተቀመጪ፣ ወይዘሮ ዓመቱስ» አለች ሰብሳቢዋ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷም ልትስቅ ነበር፣ ያዘችው። «አስቤበታለሁ። ቢሮ የሠራሁት በከንቱ አይደለም። ጥፋቱ ወርን መያዛችን ነው። ወር አስራ ሁለት ነው፤ እኛ አስራ ሦስት ነን። አስራ ሦስተኛ ወር ብለን የሰጠናት ደግሞ ወር ሳይሆን የዓመት ጭራ ነው። ወርን እንተው። ዓመት ሃምሳ ሁለት ሳምንት ነው። ሃምሳ ሁለትን ለአስራ ሦስት ስታካፍሉት አራት ነው። ለእያንዳንዷ አራት ሳምንት። ከሁላችንም ሁለት ሁለት ቀን ይቀነሳል፣ ሙሽራዋ ሙሉ ተራ ታገኛለች። እኔም መስከረሜን በአራት ሳምንት እዘጋለሁ። ዕጣው ዛሬ እንደ አዲስ ይወጣል።»

ባለሱቋ በጣቷ ቆጥራ ራሷን ነቀነቀች። ሙሽራዋ ወደ እኔ አየች፤ «እሺ በይ» የሚል ዓይን ነው። ሁሉም እኔን ይጠብቁ ነበር።

«ሃምሳ ሁለት ሳምንት ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን ነው» አልኩ። ባለሱቋ ዘንድ ስሄድ ስመጣ እኔም ተምሬያለሁ። «አንድ ቀን ይተርፋል። በሉቃስ ሁለት ይተርፋል። እሱስ የማን ነው? እንደ ስድስተኛዋ ጳጉሜ እንዳይሆን ዛሬውኑ ይነገረኝ።»

«ኧረ ይቺ ሴትዮ!» አለች አንዷ።

ሰብሳቢዋ ግን አልተቆጣችም። እንዳልተቀመጥኩ አየችኝና መለሰችልኝ።

«የትርፉ ቀን ወተት የማንም አይደለም። ድሮ በጳጉሜ እንደነበረው፣ ያን ቀን ሁሉም የላሙን ወተት እቤቱ ይጠጣ። በሉቃስ ደግሞ ሁለት ቀን ይጠጣ። አሁን ተቀመጪ።»